46 መቀመጫ፣ ገና ስም ያልወጣለት

ለአንድ ቤተሰብ አራት ቲኬት መቁረጥ ከባድ ሥራ አይደለም። ስም ይነገራል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ ቲኬት ይወጣል፤ ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያልቃሉ። የትምህርት ቤት ጉዞ ግን ሦስቱን ይለያያቸዋል። ቦታው የሚያዘው በኅዳር ነው፤ ያኔ ማን እንደሚሄድ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ገንዘቡ ከየወላጁ ኪስ በሁለትና በሦስት ዙር ይመጣል። ስሙ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሳምንት ይቀያየራል፤ አንዱ ይታመማል፣ የሌላዋ አባት ሐሳባቸውን ይለውጣሉ፣ በመስከረም «አልሄድም» ያለው ልጅ ጓደኞቹ ሲሄዱ አይቶ በጥር ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አስተባባሪ መምህር ነው፤ ያውም የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ ሳይቀነስለት።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቹን በሴሚስተር እረፍት ወደ አርባ ምንጭ ሊወስድ አስቧል እንበል። 42 ተማሪዎችና 4 መምህራን፣ በድምሩ 46 ሰው፣ የካቲት 6 በአውሮፕላን ሄደው የካቲት 9 ይመለሳሉ። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ አዞ ገበያን ያያሉ፣ አንድ ቀን ወደ ዶርዜ ይወጣሉ፣ ሦስት ሌሊት ሆቴል ያድራሉ። በመኪና መሄድ ይቻላል፤ ግን ሄዶ መመለሱ ብቻ ሁለት ቀን ይበላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተቀመጡ እንጂ የማንም ድርጅት ታሪፍ አይደሉም።

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ለምን በኢንተርኔት አንይዘውም?» የሚል ነው። እንደ ሌሎቹ አየር መንገዶች ሁሉ፣ ተራ መንገደኛ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 9 ሰው ብቻ ነው። 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን «ቡድን» ይባልና በተለየ መንገድ ይስተናገዳል። አንዳንድ አስተባባሪ ይህን ለማለፍ ዘጠኝ ዘጠኝ እያደረገ ሊይዝ ይሞክራል። ችግሩ የአንድ በረራ መቀመጫ ሁሉ አንድ ዋጋ የሌለው መሆኑ ነው። ርካሹ ዋጋ የተመደበለት መቀመጫ ጥቂት ነው፤ እሱ ሲያልቅ ቀጣዩ ይከፈታል፣ ከዚያም ቀጣዩ። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ በርካሽ ይገባሉ፣ የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ደግሞ ያንኑ በረራ በጣም ውድ በሆነ ዋጋ ይገዛሉ። የርካሹ መቀመጫ አምስት ብቻ ቀርቶ ዘጠኝ በአንድ ላይ ከተጠየቀ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዘጠኙም በላይኛው ዋጋ ይወጣሉ። ከዚህም በላይ በተራ ቲኬት ላይ ስም ወዲያውኑ መግባት አለበት፤ የትምህርት ቤቱ ዋና ችግር ደግሞ ስሙ ገና አለመታወቁ ነው።

የቡድን ቦታ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አየር መንገዱ ወይም የጉዞ ወኪሉ 46 መቀመጫ ይይዝና በተማሪዎቹ ስም ፋንታ የቡድኑን ስም ያስገባል። የቦታ ማስያዣው ቁጥር አንድ ነው፤ በውስጡ «46 ሰው፣ ስም ዜሮ» ይላል። ለሁሉም አንድ ዋጋ ይቆረጣል። ስሞቹ በኋላ አንድ በአንድ እየገቡ ባዶውን ቦታ ይሞላሉ። ስለዚህ በቀብድ የሚገዛው በመጀመሪያ ቁጥር ነው፤ ስሙ የራሱ ቀን አለው።

ዋጋ ለማወዳደር ተብሎ ጥያቄውን ለሦስት ወኪሎች መበተን የተለመደ ነው፤ ለሆቴልና ለመኪና ጥሩ ነው። ለበረራ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ሦስቱም ወኪሎች ወደዚያው አየር መንገድ ሄደው ለዚያው ቀን፣ ለዚያው በረራ 46፣ 46 መቀመጫ ይጠይቃሉ። ከዚያ በኩል ሲታይ 138 ሰው በአንድ ቀን አርባ ምንጭ ሊሄድ ነው። ወይ ቦታ የለም ይባላል፣ ወይ ዋጋው ይጨምራል፣ ወይ ደግሞ የተደጋገመ መሆኑ ታውቆ የተያዘው ይሰረዛል። ለበረራው አንድ ወኪል መርጦ ከእሱ ጋር መዝለቅ ይሻላል።

ዋጋው ሲመጣ አብሮ የሚመጣ ወረቀት አለ፤ ብዙ ሰው ዋጋውን ብቻ አንብቦ ያስቀምጠዋል። በወረቀቱ ላይ ከዋጋው ይልቅ ትኩረት የሚሹት ቀኖቹ ናቸው። ቀብድ የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን አለ፤ ካለፈ ቦታው ማንም ሳይደውል ይለቀቃል። ያለ ቅጣት ቁጥር መቀነስ የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን አለ፤ ምን ያህል ሰው መቀነስ እንደሚቻልም እዚያው ይጻፋል። በመጨረሻም ቀሪው ክፍያ የሚጠናቀቅበትና ሙሉ የስም ዝርዝር የሚገባበት ቀን አለ፤ ቲኬት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ቀን ስም ያልተሰጠበት መቀመጫ ይወሰዳል፣ ለእሱ የተከፈለው ቀብድም አብሮ ይሄዳል።

በእኛ አገር በእነዚህ ቀኖች ላይ የሚደርስ የራሳችን አደጋ አለ። የአየር መንገድ ወረቀት የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ ቡድን ስም የሚያስገባበት ቀን ከጉዞው 30 ቀን በፊት ነው እንበል፤ ወረቀቱ ላይ «14 JAN» ይላል። ይህ በእኛ ጥር 6 ነው። አስተባባሪው በጥድፊያ «ጥር 14» ብሎ ሰሌዳ ላይ ከለጠፈው፣ ወላጆች በሰዓቱ ከፍለው፣ ተማሪዎች በሰዓቱ ስማቸውን ሰጥተው፣ ሁሉም ስምንት ቀን ዘግይተዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «18:00» የሚለው ከምሽቱ 12 ሰዓት እንጂ ስድስት ሰዓት አይደለም። ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጽፎ ለወላጅ የሚበተነው ማስታወቂያ ላይ ደግሞ አራት አምስት ቀን ማስቀደም ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የበረራው ደርሶ መልስ ለአንድ ሰው 12,000 ብር ቢሆን ለ46 ሰው 552,000 ይሆናል። ሆቴሉ ለአንድ ክፍል በሌሊት 3,000 ብር ሆኖ 16 ክፍል ለሦስት ሌሊት 144,000 ያወጣል። አርባ ምንጭ ላይ የሚከራዩት ሁለት ኮስተሮች ለጠቅላላው ቆይታ 86,000 ናቸው። ምግብ፣ ጀልባና መግቢያ ለአንድ ሰው 4,000፣ በድምሩ 184,000። ሲደመር 966,000 ብር ነው። የመምህራኑ ወጪ በተማሪዎቹ ላይ ስለሚከፋፈል ለ42 ሲካፈል እያንዳንዱ ተማሪ በትክክል 23,000 ብር ይደርሰዋል።

ትምህርት ቤቱ ይህን በሦስት ዙር ይሰበስባል፤ መጀመሪያ 7,000፣ ከዚያ 8,000፣ ከዚያ 8,000። የመጀመሪያው ዙር መጠን በዘፈቀደ የሚቀመጥ አይደለም። አየር መንገዱ ከዋጋው 20 በመቶ ቀብድ ከጠየቀ 110,400 ብር ነው፤ ሆቴሉ ግማሹን ከጠየቀ 72,000 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 182,400 ብር በኅዳር መጨረሻ መውጣት አለበት። 42ቱም ወላጆች ቢከፍሉ 294,000 ይገባል፤ ግን በቀኑ ሁሉም አይከፍሉም። 28 ብቻ ቢከፍሉ 196,000 ይሆናል፣ ቀብዱን ለጥቂት ይሸፍናል። የመጀመሪያው ዙር 4,000 ብር ቢሆን ኖሮ ግን ከ28 ወላጅ የሚገኘው 112,000 ብቻ ነበር፤ አስተባባሪው ወይ ከትምህርት ቤቱ ካዝና ይበደራል፣ ወይ የያዘውን ቦታ ይለቃል። ለወላጅ እንዲቀል ተብሎ የመጀመሪያውን ዙር ዝቅ ማድረግ መልካም ልብ ነው፤ ግን ሁለት ሦስተኛው ወላጅ ብቻ ሲከፍል ቀብዱ መሸፈን አለመሸፈኑ አስቀድሞ መታየት አለበት።

ገንዘቡ ሲገባ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የባንክ መግለጫው ላይ የሚታየው የከፋዩ ስም ነው፤ ከፋዩ ደግሞ አባት፣ አጎት፣ የእናት የሥራ ባልደረባ፣ አንዳንዴም ባሕር ማዶ ያለች አክስት የላከችለት ጎረቤት ሊሆን ይችላል። 7,000 ብር ገብቷል፤ የማን ልጅ ነው? ሂሳብ ክፍሉ የማያውቀው ብር ሲከማች በአንድ በኩል «አልከፈልክም» የሚባል የከፈለ ልጅ፣ በሌላ በኩል ባለቤት ያጣ ገንዘብ ይኖራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን አንድ የጉዞ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከ1 እስከ 42። ወላጅ ሲያስተላልፍ በምክንያቱ ቦታ ላይ «ጉዞ 17» ብሎ ይጽፋል። በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ ይህን መጻፊያ ቦታ አለ። ገንዘቡ ሁልጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂሳብ ነው የሚገባው፤ በመምህሩ የግል ሂሳብ የሚሰበሰብ የጉዞ ገንዘብ መምህሩ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ውሎ አድሮ ሐሜት ይወልዳል።

ያ ቁጥር በኋላም ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ከዚያ በፊት ግን ሁሉም ወላጅ የሚጠይቀውን ጥያቄ እናንሳ፤ ልጄ ቢቀር ገንዘቤ ይመለሳል?

መልሱ ልጁ በቀረበት ቀን ይወሰናል። አራት ተማሪዎች ቀሩ እንበል። ያለ ቅጣት መቀነስ በሚቻልበት ጊዜ ውስጥ ከሆነና ውሉ አራት ሰው እንዲቀነስ ከፈቀደ፣ ትምህርት ቤቱ 48,000 የበረራ ብርና 16,000 የምግብና የመግቢያ ብር ያድናል። ኮስተሮቹ ግን 42 ቢጭኑም 46 ያው ዋጋ ናቸው፤ ሆቴሉም ክፍል ካልተመለሰለት አይቀንስም። ጠቅላላ ወጪው 902,000 ሆኖ ለ38 ተማሪ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወደ 23,737 ይመጣል። ማለትም አራቱ ሙሉ ገንዘባቸው ከተመለሰላቸው የቀሩት ልጆች 737 ብር ገደማ ይጨምራሉ። ቲኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ከሆነና የበረራው ገንዘብ የማይመለስ ከሆነ ደግሞ የሚድነው 16,000 ብቻ ነው፤ 950,000 ለ38 ሲካፈል 25,000። እያንዳንዱ ቤተሰብ ልጁ ያልሠራውን የ2,000 ብር ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ጭቅጭቅ ለመሸሽ «ገንዘብ አይመለስም» ብለው አንድ መስመር ይጽፋሉ። እኔ ይህ ትክክል አይመስለኝም። በታኅሣሥ መጀመሪያ ያሳወቀ ወላጅና በዋዜማው የደወለ ወላጅ አንድ ዓይነት ኪሳራ አላደረሱም። ፍትሐዊው መንገድ ከአየር መንገዱና ከሆቴሉ ቀኖች ጋር የተሰናሰለ ደንብ ነው፤ ያለ ቅጣት መቀነስ እስከሚቻልበት ቀን የቀረ ልጅ ከመጀመሪያው ዙር በቀር ይመለስለታል፤ ከዚያ በኋላ የቀረ የሚመለስለት ምትኩ ከተገኘና ምትኩ ከከፈለ ብቻ ነው፤ ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ የሚመለሰው ትምህርት ቤቱ በእርግጥ ያላወጣው ገንዘብ ብቻ ነው። ይህ ደንብ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ወላጅ ሊፈርምበት ይገባል። ልጁ ከታመመ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ማንንም አያሳምንም።

ምትክ ሲባል ደግሞ ሰው በሰው መተካት ብቻ የሚመስለው አለ። እዚህ ላይ በረራውና ሆቴሉ የሚቆጥሩት የተለያየ ነገር መሆኑ ይገለጣል። በረራው መቀመጫ ይቆጥራል፤ 46 ሰው ሄዶ 46 ከመጣ፣ ስም ከማስተካከል በቀር የሚለወጥ የለም። ሆቴሉ ግን ክፍል ይቆጥራል። ከ42ቱ ተማሪዎች 24 ሴቶች፣ 18 ወንዶች ናቸው። በአንድ ክፍል ሦስት ሲተኙ ለሴቶቹ 8፣ ለወንዶቹ 6፣ ለሁለት ሴትና ለሁለት ወንድ መምህራን 2፤ በድምሩ 16 ክፍል። አሁን ሁለት ሴቶች ቀርተው በምትካቸው ሁለት ወንዶች ገቡ። የሰው ቁጥር አልተነካም። ሴቶቹ 22 ሆኑ፤ ሰባት ክፍል ሞልተው አንዲት ልጅ ትተርፋለች፣ ስለዚህ አሁንም 8 ክፍል ይፈልጋሉ። ወንዶቹ 20 ሆኑ፤ ስድስት ክፍል ሞልተው ሁለት ይተርፋሉ፣ ሰባተኛ ክፍል ያስፈልጋቸዋል። ሆቴሉ 17 ክፍል ሊሰጥ ነው። አንድ ክፍል ለሦስት ሌሊት 9,000 ብር ነው፤ በበዓልና በስብሰባ ሰሞን ከሆነ ደግሞ ብሩ ቢገኝም ክፍሉ ላይገኝ ይችላል። ይህን ሁሉ ያመጣው «ሁለት ወጡ፣ ሁለት ገቡ» የተባለ ለውጥ ነው።

በዚህ ምክንያት የተጠባባቂ ዝርዝር ሲያዝ የሴቶችና የወንዶች ተለይቶ መያዝ አለበት፤ ለሴት ሴት፣ ለወንድ ወንድ። ተጠባባቂዎቹም ከወዲሁ የተወሰነ ገንዘብ ያስያዙ ቢሆኑ ይመረጣል፤ በአንደበት ብቻ «እሄዳለሁ» ያለ ተጠባባቂ በጥር ሲደወልለት አያነሳም። ተረፈች ያልናት ልጅም አንድ ክፍል ብቻዋን እንዳትያዝ ድልድሉን 3፣ 3 እያሉ ከመሙላት በመጨረሻ ሁለት ክፍል ላይ ሁለት ሁለት ማድረግ ይቻላል፤ የክፍሉ ቁጥር አይለወጥም፣ 15 ዓመት የሆናት ልጅ ግን ለብቻዋ አታድርም።

ዝርዝሩ ራሱ እንዴት ይያዝ? ትልቁ ጥፋት የሚፈጠረው በየለውጡ አዲስ ዝርዝር ሲላክ ነው። መምህሩ አንድ ስም ያወጣል፣ አንድ ስም ያስገባል፣ በፊደል ተራ ያስተካክለዋል፣ ለወኪሉ በቴሌግራም ይልከዋል። ወኪሉ ጋ ያለው ሰው 46 መስመር ከ46 መስመር ጋር እያስተያየ ምን እንደተለወጠ ሊፈልግ ነው። ሆቴሉ የባለፈውን ዝርዝር ይዟል፣ ወኪሉ የትናንቱን፣ አስተባባሪው የዛሬውን። ሦስቱም «የመጨረሻ ዝርዝር» የሚል ስም አላቸው።

ቀደም ሲል ያልነው የጉዞ ቁጥር እዚህ ያድናል። አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁጥር ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ መስመሩም አይጠፋም። ቁጥር 17 ከቀረች በመስመሯ ላይ «ቀርታለች፣ ታኅሣሥ 20» ተብሎ ይጻፋል፤ የተካቻት ልጅ ከታች 43 ሆና ትገባለች። ለወኪሉ የሚላከው አጭር መልእክት ነው፦ «17 ወጥታለች፣ በምትኳ 43 ገብታለች፤ ስሟ ይህ ነው፤ የሰው ቁጥር 46 እንደሆነ ነው»። ለሆቴሉም ይኸው መልእክት ከየትኛው ክፍል እንደወጣችና ወደየትኛው እንደገባች ተጨምሮበት ይሄዳል። መልእክቱን የሚልክ አንድ ሰው ብቻ ነው። ተቀባዩ ደግሞ «ደርሶኛል» ብሎ ሳይሆን ያስተካከለውን መስመር መልሶ ልኮ ነው የሚያረጋግጠው። አዲስ በገባችው ልጅ መስመር ላይ የወላጅ ፈቃድ ወረቀቷና የጤና መረጃዋ መኖሩም በዚያው ይታያል፤ ዘግይተው የሚገቡ ልጆች ይህ ወረቀት የሚጎድላቸው በብዛት ነው፣ አለርጂ ያለባት ልጅ ደግሞ በትክክል እነሱ ውስጥ ልትሆን ትችላለች።

ስም ሲባል ደግሞ የኛ ስም የራሱ ባሕርይ አለው። የኮምፒውተሩ ቅጽ የቤተሰብ ስምና የግል ስም ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። አንዱ ተማሪ የአባቱን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ያስገባል፣ ሌላዋ የአያቷን፣ ሦስተኛው ሁለት ስም ብቻ ሰጥቶ ይሄዳል። ቲኬቱ ላይ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል መስመር ይወጣል፦

TESFAYE/HIWOT ABEBE MS

በጭረቱ ግራ ያለው በቤተሰብ ስም ቦታ የገባው የአያት ስም ነው። ሕይወት ማን እንደሆነች ለሚያውቃት ግልጽ ነው፤ ሰው የማያውቀው ኬላ ላይ ግን ከመታወቂያዋ ጋር መጣጣም አለበት። ፊደሉም አንድ አይደለም። ፀሐይ በ Tsehay ይጻፋል፣ በ Sehay ይጻፋል፤ ኃይሉ Hailu ነው፣ Haylu ነው። መምህሩ ከክፍል ስም መጥሪያው ላይ በአማርኛ ገልብጦ በራሱ ግምት ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰው ከ42 ልጅ የጥቂቶቹ ስም መሳቱ አይቀርም። ስሙ መገልበጥ ያለበት ልጁ አየር ማረፊያ ይዞ ከሚቀርበው መታወቂያ ላይ ነው፤ ፓስፖርት፣ ፋይዳ ወይም የተማሪ መታወቂያ፣ የቱ እንደሚቀበሉ ከወኪሉ ተጠይቆ። ስም በቃል ወይም በስልክ አይወሰድ፤ የመታወቂያው ፎቶ ይምጣ፣ ከፎቶው ላይ ይጻፍ። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ተማሪ ካለ ገና ዋጋ ሲጠየቅ ይነገር፤ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ለነዋሪና ለውጭ ዜጋ የሚቆረጠው ዋጋ ሊለያይ ይችላል።

ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ወኪሉ ያስገባውን ዝርዝር አትሞ ወይም በፋይል እንዲልክ ይጠየቅ። ሁለት ሰው ይቀመጥ፤ አንዱ ከመታወቂያው ፎቶ ፊደል በፊደል ያንብብ፣ ሌላው በዝርዝሩ ላይ ይከተል። ለ46 ሰው የሚወስደው አንድ የሻይ ሰዓት ነው። እስከዚህ ድረስ ስም መቀየርም ማስተካከልም በብዙ ውሎች ላይ ቀላል ነው። ቲኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። አንድ ወይም ሁለት ፊደል ማስተካከል ሰውዬው ያው ሰው ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፣ በነጻም ሊሆን ይችላል። ሰው መቀየር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውሉ ከፈቀደ በክፍያ ይሆናል፣ ካልፈቀደ አሮጌው ቲኬት ተሰርዞ በዕለቱ ዋጋ አዲስ ይገዛል። ስለዚህ ውል ሲፈረም «ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ ስንት ስም መቀየር እንችላለን? በስንት ብር?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ከዋጋ ቅናሽ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል። ወኪሎች «ችግር የለም፣ እናስተካክላለን» ማለት ይወዳሉ፤ ይህ መልስ ተብሎ አይቆጠር።

ለወላጆችም አንድ ነገር ልበል። የጉዞው ዕለት ማለዳ ልጁ ትኩሳት ይዞት ቢቀርና «ነገ በመኪና ወስጄ አደርሰዋለሁ፣ ሲመለስ ከጓደኞቹ ጋር በአውሮፕላን ይመጣል» ብላችሁ ካሰባችሁ፣ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ለአስተባባሪው ደውሉ። በመሄጃው በረራ ላይ ሳያሳውቅ የቀረ መንገደኛ መመለሻውም አብሮ ይሰረዝበታል፤ ይህ የአብዛኞቹ አየር መንገዶች አሠራር ነው። አስተባባሪው በሰዓቱ ካወቀ ወኪሉን አነጋግሮ መመለሻው እንዲቆይ ሊጠይቅ ይችላል። በረራው ከሄደ በኋላ ቢደወል ግን አርባ ምንጭ ላይ ያለው መምህር ሊያደርግ የሚችለው ነገር ብዙ አይደለም።